«ኢቢድ» ወዴት ያመለክታል?

በቅርቡ አንድ የጥናት ረቂቅ እንድገመግም ተሰጥቶኝ ነበር። ሐተታው የሰከነ ነው፤ ችግሩ የተገኘው በግርጌ ማስታወሻው ነው። ጸሐፊው በ14ኛው ማስታወሻ በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመውን የትሪሚንግሃምን «እስልምና በኢትዮጵያ» ጠቅሶ በ15ኛው «ኢቢድ» ብሎ ነበር። ቃሉ «ኢቢዴም» ከሚለው ላቲን ያጠረ ሲሆን «እዚያው» ማለት ነው፤ በግእዙ «ዝኒ ከማሁ»፣ በዐረብኛ መጻሕፍት ደግሞ «አል-መስደሩ ነፍሱሁ» የሚባለው ነው። ጸሐፊው ረቂቁን ሲያሻሽል በሁለቱ መካከል የሑሴን አሕመድን የወሎ ጥናት የሚጠቅስ ማስታወሻ ጨመረ። ኮምፒውተሩም 15 የነበረውን 16 አደረገው። ኢቢድ የሚያመለክተው ከእርሱ በፊት ወዳለው ማስታወሻ ብቻ ስለሆነ፣ የትሪሚንግሃም ቃል የሑሴን አሕመድ ሆኖ ቀረበ። የተጠራጠርሁት ዐረፍተ ነገሩ ስለ ሐረር ስለነበር ነው፤ የወሎውን መጽሐፍ ገልጬ በተባለው ገጽ ባየው ቃሉ የለም።

ከፊቱ ያለው ማስታወሻ ሁለት መጻሕፍት በሚጠቅስበት ጊዜም ኢቢድ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው 17ኛው የቺካጎ መመሪያ ከኢቢድ ይልቅ የደራሲውን ስምና አጭር ርእስ መድገምን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። «ትሪሚንግሃም፣ እስልምና በኢትዮጵያ» ብሎ መድገም አንድ መስመር እንኳ አይፈጅም፤ ማስታወሻው ወዴትም ቢዛወር ምስክርነቱ አይጠፋም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ሲኤፍ» ነው። «ኮንፌር» ከሚለው የላቲን ትእዛዝ የመጣ ሲሆን «አነጻጽር» ማለት ነው። ዐረብኛ የሚያነቡ መምህራን በ«ኡንዙር» እና በ«ቃሪን» መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃሉ፤ የመጀመሪያው «ተመልከት» ሲል ሁለተኛው «አስተያይ» ይላል። ረቂቁ ስለ ሸዋ ሱልጣኔት የሰጠውን የዘመን ቁጥር ሙሉ በሙሉ የወሰደው ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የዐረብኛ ሰነድ ሆኖ ሳለ፣ ማስታወሻው «ሲኤፍ ቼሩሊ» ይላል። ይህን ያየ አንባቢ ጸሐፊው ከቼሩሊ የተለየ ሐሳብ እንዳለው ይገምታል፤ ልዩነቱን ሲፈልግም ይደክማል። ምንጩ ያው ከሆነ ስሙን ብቻ መጻፍ ይበቃል። ሲኤፍ የሚገባው ጸሐፊው የራሱን አቋም ይዞ፣ የተለየ ወይም ተቀራራቢ ነገር የሚል ሌላ ጽሑፍ ለሚዛን ሲያቀርብ ነው።

«ኤት አል» የዐረብኛው «ወኣኸሩን» ነው፤ «እና ሌሎች» ማለት ነው። ቀላል ቢመስልም ሲተው የሚያስከትለው መሳሳት አለ። በሙአሰሰቱ ሪሳላ የታተመው የኢማም አሕመድ ሙስነድ እትም የአዘጋጆቹን ስም ሲያስቀምጥ ሹዐይብ አል-አርናኡጥ፣ ዓዲል ሙርሺድ «ወኣኸሩን» ይላል። በረቂቁ ግን «አርናኡጥ ሶሒሕ ብለውታል» የሚል በተደጋጋሚ ይገኛል። በ50 ጥራዝ ሥራ ላይ የሐዲሥ ደረጃ የሰጡት በርካታ እጆች ሲሆኑ፣ ፍርዱን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ያላረጋገጥነውን መናገር ነው። «የሪሳላ እትም አዘጋጆች» ቢባል ይሻል ነበር።