«አባቴ» ከ«እርስዎ» ጋር፣ «ፓስተር» ከ«አንተ» ጋር

ለአረጋዊ የነፍስ አባት በአማርኛ መልእክት የሚጽፍ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ላክብራቸው ወይስ ልቅረባቸው? ጥያቄው ከጅምሩ ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ያስመስላል። የአማርኛ ደብዳቤ ግን ክብርንና ፍቅርን በተለያየ ቦታ ያስቀምጣል። ፍቅሩ በመጥሪያው ስም፣ ክብሩ ደግሞ በግሱ ይገባል። «አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?» የሚለው አጭር ሰላምታ ሁለቱንም ይዟል። «አባቴ» የልጅነት ነው፣ «ሰነበቱ» የአክብሮት።

ሮጀር ብራውን እና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት በአውሮፓ ቋንቋዎች የ«አንተ» እና የ«እርስዎ» ምርጫ በሁለት ኃይሎች እንደሚመራ ጽፈዋል፤ አንዱ የሥልጣን ልዩነት፣ ሌላው ቅርበት። በዘመናቸው አውሮፓም ቅርበት እያሸነፈ መምጣቱን አሳይተዋል። ሐሳባቸው ለአማርኛም ብዙ ይረዳል፤ ነገር ግን ዓይኑን በተውላጠ ስም ላይ ስለሚያሳርፍ ለእኛ ደብዳቤ ይጠብበዋል። አማርኛ ተውላጠ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። አንድ ገጽ ሙሉ ለንስሐ አባት ተጽፎ «እርስዎ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም ላይገኝ ይችላል፤ አክብሮቱ ግን በ«ይፍቱኝ»፣ በ«ጸሎትዎ»፣ በ«ደወልኩልዎ» ውስጥ ተበትኖ ይኖራል።

«አንተ» ማለት በራሱ ድፍረት እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። ለቄሱ «እርስዎ» የሚለው ያው ምእመን ሲጸልይ እግዚአብሔርን «አንተ»፣ እመቤታችንንም «አንቺ» ይላል። እንግዲህ ምርጫውን የሚወስነው የተጠሪው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ ለዚያ ግንኙነት ያጸናው ልማድም ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ልማድ ጽኑ ነው። የነፍስ አባት ኑዛዜ ሰምተው ቀኖና ይሰጣሉ፣ በክርስትናና በተዝካር ቤት ይገኛሉ፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤተሰብ አባት ሆነው ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያውቃሉ። ቅርበቱ ከዚህ በላይ ሊሆን አይችልም፤ «እርስዎ» ግን አይነካም። ክህነትና ምንኩስናም ዕድሜን ይቀድማሉ፤ የስድሳ ዓመት አዛውንት ገና ጢማቸው ያልጠና መነኩሴ ፊት ዝቅ ብለው «አባ፣ ይባርኩኝ» ይላሉ። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠር «አንቱ» ዛሬም ሕያው ስለሆነ፣ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው በመልእክቱ «አንቱ» ቢል አክብሮት አላጎደለም፤ የአዲስ አበባ ጆሮ «እርስዎ»ን ቢለምድም ግሱ ያው አንድ ነው።

የአባት መልስ ደግሞ ወደ ታች ሲመጣ «ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ይላል። አንዱ በ«እርስዎ» ሲወጣ ሌላው በ«አንቺ» ይወርዳል፤ ማንም ግን አልተራራቀም። የብራውንና የጊልማን ንድፍ እንዲህ ያለውን አለመመጣጠን የሥልጣን ምልክት አድርጎ ያነበዋል። እዚህ ግን አለመመጣጠኑ የአባትና የልጅ ዝምድና መልክ ነው፤ አባት «እርስዎ» ብለው ቢመልሱ ልጅቱ ምን አጠፋሁ ብላ በደነገጠች ነበር።

ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዞር ነገሩ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ የጰንጠቆስጤ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጉልበቱን ያገኘው ከተማሪዎች ነው። አብረው ይጸልዩ የነበሩት የዕድሜ እኩዮች ነበሩና «ወንድም» እና «እኅት» መባባሉ፣ «አንተ» እና «አንቺ» መባባሉም የተፈጥሮ ያህል ሆነ። የዛሬው የወጣቶች አገልጋይም በዚሁ ውርስ ውስጥ ይቆማል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው እንበል፤ ከወጣቶቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፣ በቴሌግራም ይቀልዳል። እሱን «እርስዎ» የሚለው ሰው ከማክበር ይልቅ ያርቀዋል፤ ብዙውን ጊዜም «ኧረ አንተ በለኝ!» የሚል መልስ ያገኛል። ክብሩ ግን አልጠፋም፤ ወደ መጥሪያው ተዛውሯል። «ፓስተር፣ እንዴት ሰነበትክ?» ሲባል ማዕረጉ ክብሩን፣ ግሱ ወዳጅነቱን ይይዛል። የንስሐ አባት ሰላምታ ግልባጭ ማለት ነው።

አንድ ጉዳይ በሁለቱ መንገድ ሲጻፍ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። የአንዲት ተማሪ እናት ሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረግላቸዋል እንበል፤ ጸሎት ትጠይቃለች።

ለአባት፦ «አባቴ፣ ይፍቱኝ። እንዴት ሰነበቱልኝ? እናቴ ሰኞ ኦፕራሲዮን ስለሚደረግላት በጸሎትዎ ያስቡልኝ። ትናንት ደውዬልዎ ነበር፣ ስልክዎ ዝግ ነው ይላል። ልጅዎ።»

ለፓስተሩ፦ «ሰላም ፓስተር፣ እንዴት ነህ? እናቴ ሰኞ ኦፕራሲዮን ስለሚደረግላት በጸሎትህ አስብልኝ። ትናንት ደውዬልህ ነበር፣ ስልክህ ዝግ ነው ይላል። እኅትህ።»

ስሕተት የሚገባው በመግቢያው ላይ አይደለም። «ይፍቱኝ» እና «ሰነበቱ» በልማድ የሚመጡ ስለሆኑ በልማዱ ያደገ ሰው አይስታቸውም። ሰው የሚንሸራተተው ጭንቀቱን መተረክ ሲጀምር ነው፤ «ደውዬልህ ነበር፣ ስልክህ ዝግ ነው» ብሎ ይጽፍና ሳያስበው አባቱን እንደ ጓደኛው ያናግራል። ስለዚህ መልእክቱ ከመላኩ በፊት መታየት ያለበት መካከሉ ነው፤ በተለይ በስሞች ጫፍ ላይ ያለው «-ህ» እና በግሶች መካከል የተደበቀው «-ልህ»።

ሁለተኛው አደጋ በፓስተሩ በኩል አለ፤ እሱም የፍቅር ቃል መጠን ነው። ለአረጋዊው አባት «ውድ አባቴ»፣ «የኔ አባት» ቢባል የአባትነት ስሙ ትርጉሙን ይጠብቀዋል። ላላገባ ወጣት አገልጋይ ግን አንዲት ወጣት «ውዴ» ወይም «የኔ ውድ» ብላ ብትጽፍ ቃሉ የፍቅረኛ ይመስላል፤ እሱም ሆነ መልእክቱን በአጋጣሚ ያየ ሰው በሌላ ሊተረጉመው ይችላል። «የተወደድክ ወንድሜ» የሚለው የአማኞች የቆየ አነጋገር ይህን ችግር ይፈታል፤ ፍቅሩን ሳይቀንስ «ወንድሜ» በሚለው አጥር ይከልለዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ቀዝቃዛ መሆን አያስፈልግም፣ ዝምድናውን የሚያሳይ ስም መጨመር ብቻ ይበቃል።

ቦታም ይቆጠራል። በግል «አንተ» የሚባለው ያው ፓስተር በጉባኤ ፊት ሲነሳ «ፓስተራችን እንዳሉት» ይባላል። ለሰነድ የሚገባ ማመልከቻ፣ ለምሳሌ የጋብቻ ማስረጃ ጥያቄ፣ ሲጻፍለትም «እርስዎ» ይሆናል፤ ወረቀቱ ወደ መዝገብ ስለሚሄድ የሚያነቡት ሰዎች የእሱን ወዳጅነት አያውቁም።

በዋሽንግተን ወይም በለንደን ላደገ ልጅ ግን ይህ ሁሉ ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ወላጆቹ የሚያናግሩት በ«አንተ» ስለሆነ፣ አማርኛውን የሚማረውም በዚያው ቅርጽ ነው፤ «እርስዎ» ተብሎ ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ጊዜ ነው። «አባ፣ እንዴት ነህ?» ብሎ ሲጽፍ ንቀት የለበትም፤ የሚያውቀው ግስ ያ ብቻ ነው። አባቶችም ይህን አውቀው ቢታገሡ መልካም ነው። በየአጥቢያው ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የምታስተምሩ መምህራን ደግሞ ከፊደል ቀጥሎ ልጆቹን አንድ ደብዳቤ አጽፏቸው፤ አንዱን ጉዳይ አንድ ጊዜ ለአረጋዊ ቄስ፣ አንድ ጊዜ ለወጣቱ አስተማሪያቸው ይጻፉ፤ የተለወጡትን ግሶችም በቀለም ያስምሩ።