«በ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ»

በቅርቡ ቢሮአችን የተቀጠረች ወጣት ባልደረባዬ ያዘጋጀሁትን የሥራ ማስታወቂያ አይታ፣ «ጋሼ፣ የመዝጊያውን ቀን በሁለት አቆጣጠር መጻፍ ለምን አስፈለገ? ሁሉም ሰው ‹በ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ› ብሎ ይጨርስ የለም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁሉም እንዲያ ብሎ ይጨርሳል። እኔ ግን በዚህች አንዲት መስመር ከአለቆችም ከባልደረቦችም ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ፤ ወደፊትም እከራከራለሁ። ማስታወቂያ ከስልክ ወደ ስልክ በሚተላለፍበት ጊዜ ይህች መስመር ሥራዋን አትሠራም።

መስመሯ የጋዜጣ ልጅ ናት። አዲስ ዘመን ወይም ሪፖርተር ላይ «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ተብሎ ሲጻፍ፣ የወጣበት ቀን ከገጹ አናት ላይ ታትሟል። አንባቢው ጋዜጣውን ከሳምንት በኋላም ቢያገኘው ቆጥሮ ይደርስበታል። እኛ ሀርጌሳ ተቀምጠን በአማርኛ የምናወጣው ማስታወቂያ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ጠዋት በቴሌግራም ይለቀቃል፤ አንዱ ምስሉን ብቻ አውርዶ በዋትስአፕ ይልከዋል፤ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ ጅግጅጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ድሬዳዋ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። እዚያ ሲደርስ የወጣበት ቀን ከላዩ ላይ የለም። «ከዛሬ ጀምሮ» የሚለው ላነበበው ሁሉ የየራሱ ዛሬ ይሆናል።

ቀኑ ቢታወቅ እንኳ ቆጠራው አይገጥምም። ማስታወቂያው ሰኞ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ወጣ እንበል፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 6፣ 2025 መሆኑ ነው። ዓርብን ብቻ የሚዘጋ የሀርጌሳ ድርጅት ሰኞን አንድ ብሎ ጀምሮ፣ ዓርብን ዘሎ፣ ቅዳሜንና እሑድን ጨምሮ ሰባተኛውን ቀን ሰኞ ጥር 5 ላይ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ያለው አመልካች ግን በማግስቱ ማክሰኞ ገና ስለሆነ አይቆጥረውም፤ ቅዳሜና እሑድንም ይዘላል፤ ሰባተኛው ቀን የሚሞላለት ረቡዕ ጥር 7 ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሰውየው ግን ማክሰኞ ጥር 6 ወረቀቱን አሟልቶ ሲልክ «ጊዜው አልፏል» ይባላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «እስከ 10 ሰዓት» ስንል ከቀኑ 10 ሰዓት ማለታችን ነው፤ ስልኩን የሚያይ ሰው ግን 10:00 ጠዋት ላይ ነው። ስለዚህ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«የጄኔሬተርና የሶላር ቴክኒሻን፣ 2 ሰው፣ የሥራ ቦታ ሀርጌሳ።
ማመልከቻ የሚዘጋው፦ ሰኞ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 13፣ 2025) ከቀኑ 10 ሰዓት (በስልክ 16:00)።»

የዕለቱ ስም የገባው ለማረጋገጫ ነው። ሰኞና ጥር 5 ካልተገጣጠሙ አንዱ ስህተት እንደሆነ አንባቢው ወዲያው ያውቃል። ወሩን በቁጥር አልጽፍም፤ 05/01 መስከረም 5 ይሁን ጃንዋሪ 5 የሚለይበት መንገድ የለውም። እነዚህ ሁለት መስመሮች ከጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ይሆናሉ፤ ስልክ ረዘም ያለውን ጽሑፍ አጥፎ ስለሚያሳይ የብዙ ሰው ዓይን ከዚያ አያልፍም። ምስሉም ላይ ይደገማሉ፤ ምስሉ ብቻውን ሲሄድ ጽሑፉ ይቀራልና። ከተዘጋ በኋላ «ተዘግቷል» ብለን ብናርመውም፣ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ሰው የተላለፈው ቅጂ አይታረምም። ያ ቅጂ የመዝጊያ ቀኑን ራሱ ይዞ መዞር አለበት።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚያከራክረኝ ተፈላጊ ችሎታ ነው። እዚያም የሚጎዳን ከአገር ቤት ማስታወቂያ ሳይታሰብበት የሚገለበጥ መስመር ነው። «ልምዱ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ውሰዱ። አዲስ አበባ ላይ ጥቅም አለው፤ ልምዱ የእውነት መሆኑን ያሳያል። አንድ ቀጣሪ ግን እዚህ ለሚፈልገው ቴክኒሻን ይኸንኑ መስመር እንዳለ አስገባው። ሀርጌሳ ውስጥ ለዓመታት ጄኔሬተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው የኢትዮጵያ የግብር ማስረጃ ከየት ያመጣል? በጣም የሚፈለገው ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ አለፈው። ማመልከቻ የጎረፈው ጄኔሬተር ቀርበው ከማያውቁ፣ ወረቀታቸው ግን ከተሟላ ሰዎች ነበር።

እኔ ተፈላጊውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። «የግድ» በሚለው ሥር የሚገባው፣ ባይሟላ ሰውየውን በእርግጥ የማንቀጥርበት ነገር ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱም ጎን በምን እንደሚረጋገጥ ይጻፋል። በጄኔሬተር ጥገና 3 ዓመት የሠራ፦ በደብዳቤ ወይም ስልኩ በሚሰጥ የቀድሞ አሠሪ። በሶማሊኛ ከደንበኛ ጋር መግባባት የሚችል፦ በቃለ መጠይቅ። ደረጃ 4 ወይም ዲፕሎማ፦ በኮፒ። «ቢኖር ይመረጣል» በሚለው ሥር ደግሞ መንጃ ፈቃድና የመሳሰለው ይገባል። ሁሉም በአንድ ዝርዝር ሲደረደር፣ ጠንቃቃው ሰው አንዷ ስለጎደለችው ይተወዋል፤ ደፋሩ አንዷም ሳትኖረው ያመለክታል።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ሳይነገረው መወሰን አይችልም፦ ደመወዙ በዶላር ስንት እንደሆነና የሥራ ፈቃዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነ። «ደመወዝ በስምምነት» የሚሉኝ አለቆች ለድርድር ይጠቅመናል ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ጥሩ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ያለበትን ለቆ ድንበር የሚሻገረው አስልቶ ነው፤ የሚያሰላበት ቁጥር ካልተሰጠው አይደውልም። ከዚህ እስከዚህ ብሎ መጻፍ ለድርድሩም ቦታ ይተዋል።

ማስታወቂያው መሥራት አለመሥራቱን የሚነግረኝ የሚመጣው ስልክ ነው። «አልፏል ወይ?» የሚል ከበዛ ቀኑ አልታየም። «ዲግሪ ባይኖረኝስ?» የሚል ከበዛ የግዱና የምርጫው ተደባልቋል። ደዋዩ ስለ ሥራው ራሱ፣ ስለ ጄኔሬተሩ መጠንና ስለ ሌሊት ተረኝነቱ ከጠየቀ ግን ትክክለኛው ሰው ጋ ደርሰናል።

ይህን ሁሉ የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ አራት ኪሎ ጋዜጣ ከሚያከራዩ ልጆች ዘንድ ተቀምጠን እናነብ ነበር። በሳንቲም ተከራይተን፣ የሌላው ተራ ሳይደርስ፣ የሥራ መደቡንና አድራሻውን ደብተር ላይ እንገለብጣለን። ካለፈው ሳምንት ጋዜጣ የቀዳ ሰው ቀኑን በጣቱ ይቆጥራል፤ ቅዳሜ ይቆጠር አይቆጠር ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ከዚያ ለፎቶ ኮፒና ለታክሲ የምትሆን ብር ይበደራል። ሄዶ በሩ ላይ «ትናንት ተዘግቷል» ሲባል የከሰረው የተበደረውን ነው። ያ ገንዘብ ለቀጣሪው ምንም አይደለም፤ ለእርሱ ግን የሚቀጥለው ማመልከቻ ነበር።

ለባልደረባዬም ያልኳት ይኸንኑ ነው። ሰባት ቀን መቁጠር የእኛ ሥራ ነው፤ ካላንደሩ ያለው እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የምንዘጋበትን ቀንም የምናውቀው እኛው ነን። አንድ ጊዜ እኛ ብንቆጥር፣ የሚያነበው ሁሉ በየራሱ ከመቁጠር ይድናል። ቀኑን ከጻፍን ደግሞ ከዚያች ሰዓት በፊት አንዘጋም፤ የአለቃ ዘመድ ዘግይቶ መጣ ብለንም አናራዝምም።