ሳይነሣ የሚመዘን ግድግዳ

በሚዛን ላይ ሊወጣ የማይችለውን ተገጣጣሚ የኮንክሪት ግድግዳ፣ ገና ከምድር ሳይለቅ፣ በመለካትና በማባዛት ብቻ የክብደቱን ምሥጢር የሚገልጽልንን ስሌት እጅግ አደንቃለሁ። ርዝመቱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱም 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ ይዘቱ 3.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ከዚህ ላይ 1.5 በ1.2 ሜትር የሆነው የመስኮት ክፍተት፣ ማለት 0.36፣ ሲቀነስ 3.24 ይቀራል፤ ፌሮ የተዋሐደው ኮንክሪትም በሜትር ኩብ 2500 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ክብደቱ 8100 ኪሎ ይሆናል። የክሬኑ ሠንጠረዥ ግድግዳው በሚነሣበት ርቀት 9000 ኪሎ ቢፈቅድም፣ መንጠቆው፣ ሰንሰለቱና የማንሻው ብረት 700 ኪሎ ቢመዝኑ፣ እነርሱም ከሸክሙ ጋር ይቈጠራሉና የሚተርፈው 200 ብቻ ነው። ታዲያ ካሳፎርማው ከልክ በላይ ተሞልቶ ግድግዳው አንዲት ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ 405 ኪሎ ይጨመርበትና ወሰኑ ይጣሳል፤ ስለዚህ ልባም መሐንዲስ ንድፉን ብቻ አምኖ ሳይሆን፣ የተሠራውን ውፍረት በጠርዞቹና በመስኮቱ ዙሪያ ለክቶ ያሰላል። ግድግዳው ከካሳፎርማው ሲላቀቅ ወደ ታች የሚስበው የመጣበቅ ኃይል ግን በዚህ ስሌት ስለማይታይ፣ ለብቻው ታስቦ ይታከላል።