ለየትኛው ጥያቄ ደቂቃ፣ ለየትኛው ግምት

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ወይራ ሰፈር አካባቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ትምህርቱን ጨርሶ የማያውቁ አይደሉም። ችግራቸው ሰዓቱ ሲያልቅ ጥያቄው አለማለቁ ነው። በምንለማመድባቸው የቀድሞ ዓመታት ጥራዞች የእንግሊዝኛው ፈተና 120 ጥያቄ አለው፤ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ 2 ሰዓት ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ደረሰው ማለት ነው። ምንባብ ማንበቡም ሆነ የመልስ ወረቀት ማጥቆሩ ግን ከዚያችው ደቂቃ ላይ ይነሳል። በደቂቃ መቶ ቃል እንኳ ለማያነብ ልጅ ፈተናውን በሙሉ ሠርቶ መጨረስ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ አብረን የምንሠራው ዋናው ሥራ የሚቀረውን መምረጥ ነው፤ ምን ይቅር፣ የቀረውስ እንዴት ይሞላ?

ይህ ጥያቄ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። የዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ ተፈታኙም ስልኩን ትቶ፣ ከሚያውቀው ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ተቀመጠ። ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ የሰዓት አጠቃቀም ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ተፈታኙ የገዛ ጊዜውን ራሱ የሚያስተዳድርበት ፈተና ከሆነ፣ ማስተዳደሩም መጠናት አለበት።

በመጀመሪያ ስለ ግምት። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «መምህር፣ ልጄን ቁማር አያስተምሩብኝ» አሉኝ። ስጋታቸው ገብቶኛል። ቁማር የሚሆነው ግን የሚያጡት ነገር ሲኖር ነው። በዚህ ፈተና ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ባዶ የተተወ ጥያቄ ዜሮ ነው፤ አራት ምርጫ ካለው ጥያቄ ላይ በጭፍን የጠቆረ መልስ ደግሞ በአማካይ ሩብ ነጥብ ያመጣል። 20 ጥያቄ በጭፍን ቢሞላ አማካዩ 5 ነው። ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል የሚገኘው ከ3 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው፤ ከሃያው አንድም አለማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ትቶ መውጣት ጨዋነት ሳይሆን ነጥብ መጣል ነው። ለእኚህ እናትም ያልኳቸው ይኸው ነው።

«ሲ ይበዛል» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ለጭፍኑ ግምት አንድ ፊደል መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መሙላት ይበጃል፤ ጥቅሙ ግን ከፊደሉ አይደለም፤ እጅ ሳያመነታ በፍጥነት ስለሚያጠቁርና ተፈታኙ የትኛውን እንደገመተ ስለማይጠፋው ነው።

አስቸጋሪው ግምት ጭፍኑ አይደለም። ሁለት ምርጫ ተሰርዞ ሁለት ሲቀር ነው ልጆቼ የሚሰምጡት። ሊደርሱበት ጥቂት የቀራቸው ስለሚመስላቸው ሁለት ደቂቃ ይጨምሩበታል። እስቲ ዋጋውን እናስላ። ከሁለት አንዱን ቢገምቱ ግማሽ ነጥብ በእጃቸው ነው። ሁለት ደቂቃ ጨምረው ከአሥር ስምንቱን ቢያገኙ እንኳ የጨመሩት ከነጥብ አንድ ሦስተኛ አይሞላም። በዚያው ሁለት ደቂቃ ያልተነኩ ሦስት የሰዋስው ጥያቄዎች ሠርተው ሁለቱን ቢመልሱ፣ በጭፍን ይገኝ የነበረውን ቀንሰን እንኳ ከአንድ ነጥብ በላይ ያተርፋሉ። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፦ ሁለት ከቀረ አንዱን አጥቁሮ፣ ጥራዙ ላይ የጥያቄውን ቁጥር አክብቦ ማለፍ። ጊዜ ከተረፈ ይመለሱበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሰዓት የሚከፋፈለው በጥያቄው ክብደት ወይም ቅለት ሳይሆን በደቂቃ በሚገኘው ነጥብ ነው። ለዚህም የእያንዳንዱን ልጅ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የቆየ ጥራዝ በክፍል በክፍሉ እንቆርጥና እያንዳንዱን ለየብቻ በሰዓት አሠራዋለሁ። ተማሪው ከመልሱ ጎን ምልክት ያደርጋል፤ እርግጠኛ ለሆነበት አንድ መስመር፣ ሁለት ለቀረበት ሁለት መስመር፣ ለጭፍኑ ዜሮ። ከዚያ የጠፋው ደቂቃና የተገኘው መልስ በምልክቱ ይታያል። ባለ ሁለት መስመሮቹ ውስጥ ትክክል የሆኑት ከግማሽ በጣም ካነሱ፣ ልጁ ሲሰርዝ ትክክለኛውን መልስ አብሮ እየሰረዘ ነው። ይህ የሰዓት ችግር ስላልሆነ ወደ ትምህርቱ ራሱ እንመለሳለን።

የአንዲት ተማሪዬን ልክ ላሳይ። ጥራዙን ስንከፍለው ሰዋስው 40፣ የቃላት ፍቺ 20፣ የንግግር ልውውጥ 12፣ የጽሑፍ ክፍል፣ ማለትም ዓረፍተ ነገር ማቀናጀትና ሥርዓተ ነጥብ፣ 12፣ ቀሪው 36 ደግሞ በአራት ምንባቦች ሥር ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ ወጣ። ሰዋስውን በ23 ደቂቃ ትጨርሳለች፤ ከአሥር ስድስት ታገኛለች። ቃላት 10 ደቂቃ ይወስድባታል፤ ግማሹን ታገኛለች። የንግግር ልውውጡን በ8 ደቂቃ ሠርታ ከአራት ሦስቱን ትመልሳለች። የጽሑፉ ክፍል 20 ደቂቃ ይበላባትና ከግማሽ በታች ታገኛለች። አንዱ ምንባብ ከነጥያቄው 19 ደቂቃ ነው፤ 7ቱ ለንባብ፣ 12ቱ ለመልሱ። እዚያ ከሦስት ሁለት ያህል ትመልሳለች። ለማጥቆሩ 10 ደቂቃ ጨምረን ስንደምረው 147 ደቂቃ ሆነ። ያላት 120 ነው።

እስከዚያ ድረስ ጥራዙን በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነበር የምትሠራው፤ ምንባቦቹም ፊት ላይ ነበሩ። አራቱ ምንባቦች 76 ደቂቃ ወሰዱ፤ ሰዋስውና ቃላት ተከተሉ፤ የንግግር ልውውጡና የጽሑፉ ክፍል፣ በድምሩ 24 ጥያቄ፣ ባዶ ቀሩ። ከ120 የምታገኘው 57 ገደማ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከቀሩት ውስጥ የንግግር ልውውጡ በደቂቃ ከሁሉም የበለጠ ነጥብ የሚሰጣት ክፍል መሆኑ ነው።

ምንባብን ከሌላው የሚለየው ዋጋው በቅድሚያ መከፈሉ ነው። ሰባት ደቂቃ አንብበሽ ገና አንድም ነጥብ የለሽም። ይሁን እንጂ ከምንባብ ሥር ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ዋጋ አይጠይቁም። «በዚህ መስመር ያለው ቃል ምን ማለት ነው?»፣ «ይህ ተውላጠ ስም ማንን ይተካል?» የሚሉት መስመሩን፣ ከላዩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከታቹ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ የሚመለሱ ናቸው። ተውላጠ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚተካውን ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር ሳያዩ መመለስ ያሳስታል። ዋና ሐሳቡን፣ ርዕሱን፣ የጸሐፊውን አመለካከት የሚጠይቁት ግን ሙሉ ንባብ ይፈልጋሉ። በዚያ ጥራዝ ከየምንባቡ ዘጠኝ ጥያቄዎች አራቱ ከመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ፤ እሷም አራቱን በ3 ደቂቃ ትጨርሳቸዋለች።

ከዚህ በኋላ እቅዱ ራሱን አወጣ። በቅድሚያ የንግግር ልውውጥ፣ ሰዋስው፣ ቃላት፤ 41 ደቂቃ። ቀጥሎ በአራቱም ምንባቦች ያሉት የመስመር ጥያቄዎች፤ 12 ደቂቃ። ከዚያ ሦስት ምንባብ ሙሉ አንብባ የቀሩትን አምስት አምስት ጥያቄዎች ትሠራለች፤ 48 ደቂቃ። ማጥቆሩን ጨምሮ 111 ሆነ። በቀሩት 9 ደቂቃዎች ከጽሑፍ ክፍሉ ቀለል ያሉትን፣ በተለይ የሥርዓተ ነጥቦቹን፣ አምስት ያህል ትሠራለች። የአራተኛው ምንባብ አምስት ጥያቄዎችና ከጽሑፉ ሰባቱ በመረጠችው ፊደል ይሞላሉ። በልምምድ ልኳ ስናሰላው ከ120 ወደ 67 ገደማ ይደርሳል፤ አንድም አዲስ ቃል ሳትማር ማለት ነው። ከጭማሪው ውስጥ ትልቁ የመጣው በመገመት አይደለም፤ ለንግግር ልውውጡ ጊዜ በመገኘቱ ነው።

አራተኛውን ምንባብ መተው ግን ይከብዳቸዋል። «ቲቸር፣ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ቢሆንስ?» ትለኛለች። ልክ ነች። ስለዚህ የመስመር ጥያቄዎቹን ስትሠራ አራቱንም ትነካካቸዋለች፤ የትኛው እንደሚከብዳት በዚያው ታውቃለች፤ የሚቀረውም እሱ ይሆናል።

ስልክ ወደ አዳራሽ ስለማይገባ ሰዓቱን በገጽ መያዝ እናለማምዳለን። ፈተናው ከጠዋቱ 3፡00 ቢጀመር ሰዋስው፣ ቃላትና የንግግር ልውውጡ ከነማጥቆራቸው 3፡50 አካባቢ ማለቅ አለባቸው። ካላለቁ የሚቆረጠው ሦስተኛው ምንባብ ነው፤ ይህን እዚያው ተቀምጣ ሳይሆን አስቀድመን ወስነነዋል። ሰዓቱ ሲጣደፍ የሚወሰን ነገር ሁልጊዜ በእጅ ላለው ጥያቄ ያዳላል፤ ተፈታኙ የጀመረውን መተው አይሆንለትም።

ክፍል እየዘለሉ መሥራት አንድ አደጋ አለው፤ የመልስ ወረቀቱ ቁጥር ይዛነፋል። የ38ኛው መልስ በ37ኛው ቦታ ከገባ ተከትሎ የመጣው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ የተዘለለ ብሎክ ሲኖር ልጆቼ ከሚቀጥለው ብሎክ የመጀመሪያ ቁጥር ጎን ጥራዙ ላይ ትልቅ ቀስት ያደርጋሉ፤ መልሱንም እያንዳንዱ ገጽ ሲያልቅ ያጠቁራሉ እንጂ ለመጨረሻ አያከማቹም። የተቀየረ መልስ በደንብ መጥፋት አለበት፤ የሚያነበው ማሽን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ለሚፈተኑት የማጥቆሩ 10 ደቂቃ ይተርፋል፤ እኛም ለምንባቡ እንሰጠዋለን።

ይህ እቅድ የእሷ ነው። በፍጥነት የሚያነብ፣ ሰዋስው ግን የማይዘልቀው ልጅ አለኝ፤ ለእሱ ምንባቡ ፊት ይመጣና የሚገመተው ከሰዋስው ውስጥ ይሆናል። የጥያቄው ብዛትና አከፋፈሉም ከዓመት ዓመት ሊለያይ ስለሚችል፣ ጥራዙ ሲታደል ሁሉም የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው፣ ስንት ጥያቄና ስንት ደቂቃ እንደተሰጠ አይተው፣ ገጾቹን ገልጠው ክፍሎቹ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው እንደሆኑ ጥራዙ ላይ ይጽፋሉ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ምንባቦቹ አምስት ሆነው ከመጡ ሁለቱ ይገመታሉ፤ ሦስት ከሆኑ የጽሑፉ ክፍል ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል።