ላዩ ለስለስ፣ መሀሉ ጠንከር

ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ምግብ ቤት ለዐቢይ ጾም የሽምብራ ዓሣ ሊጀምር ነበር። ባለቤቱ በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ። ከሥሩ ራሳቸው የጻፉት መግለጫ አለ፦ «በዓይነቱ ልዩ የሆነ፣ እጅ የሚያስቆረጥም፣ ተወዳዳሪ የሌለው የሽምብራ ዓሣ ጀምረናል! ዛሬውኑ መጥተው ይቅመሱ!» ቀጥለው «እስቲ አየት አድርገህ አስተካክልልኝ» አሉኝ።

ለምግብ ቤቶች መግለጫ ስጽፍ መጀመሪያ የማደርገው የምግቡን ስም አውጥቶ ሌላ መተካት ነው። እዚህም «የሽምብራ ዓሣ» የሚለውን አንሥቼ «ዱለት» አስገባሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ምንም አልሆነም። «ክትፎ» ብለውም ያው ነው። ለዱለትም ለክትፎም የሚሆን መግለጫ ስለ ሽምብራ ዓሣ ገና አንድ ነገር አልተናገረም ማለት ነው። «እጅ የሚያስቆረጥም» ጥሩ አባባል ነው፤ እናት ቤት፣ በልተው የጠገቡ ሰዎች መካከል ሲነገር ሕይወት አለው። ገና ያልቀመሰ ሰው ፊት ሲጻፍ ግን የአፍ ምስክርነቱ ይጠፋና ባዶ ውዳሴ ሆኖ ይቀራል። «ተወዳዳሪ የሌለው» ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅ ቃል ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ እኔን ከአዋጁ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ከተማዋ ትንሽ መሆኗ ነው። መግለጫውን ያነበበው ሰው ነገ መጥቶ ይበላል፤ ባለቤቱም በስም ያውቁታል።

የሽምብራ ዓሣ አሠራሩን ሳያውቁ የሚጻፍለት ምግብ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ጓዳ ገባሁ። የሽምብራ ዱቄት በጨው፣ በቅመምና በጥቂት ዘይት ይታሽና በውኃ ጠበቅ ተደርጎ ይቦካል። ሊጡ ይዳመጥና በቢላዋ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፤ ከዚያ በዘይት ይጠበሳል። ለብቻው የሽንኩርት ቁሌት ይሠራል፦ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት እስኪጠወልግ ይቁላላል፣ ዘይት፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ በጠብታ ውኃ እየተባለ በደንብ ይበስላል። ዓሦቹ ወጡ ውስጥ የሚገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ቀደም ብለው ከገቡ ወጡን እየጠጡ ያብጣሉ፣ ሲቆዩም ይፈርሳሉ፤ ዱቄቱም ወጡን ያወፍረዋል።

ይህን ካየሁ በኋላ ፎቶውን እንደገና ተመለከትሁ። ወጡ ላይ አንድ ደረቅ፣ ወርቃማ፣ ጠርዙ የተለበለበ ዓሣ ለውበት ተቀምጧል። ባለቤቱም በሁለተኛ ሙከራቸው «ላዩ ቅርሽም የሚል፣ ውስጡ ለስላሳ» ብለው ጽፈው ነበር። ይህ ሐረግ በየምግብ ቤቱ ገጽ ላይ አለ፤ ለዶሮ ጥብስም፣ ለድንችም፣ ለሳምቡሳም ይውላል። ሲነበብ ስሜት የሚነካ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። እኔ ግን ወጥ ቤቷን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ሲነከስ ቅርሽም ይላል?»

«ወጥ ውስጥ የገባ ምን ብሎ ቅርሽም ይላል ልጄ? ደረቁን ከፈለግህ ከመጥበሻው አንሥተህ ብላ።»

ሁለቱንም በላሁ። ከመጥበሻው የወጣው እውነትም ቅርሽም ይላል። ወጥ ውስጥ ገብቶ ገበታ ላይ የቀረበው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ላዩ ወጡን ጠጥቶ ለስልሷል፣ መሀሉ ግን ጥርስ ሲያርፍበት አሁንም ጠንከር ይላል። ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ለናፈቀው ጾመኛ ጥርስ የሚይዝ ነገር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። «ላዩ ቅርሽም፣ ውስጡ ለስላሳ» የሚለው እንግዲህ ማጋነን ብቻ ሳይሆን የምግቡን ዋና ጠባይ የሚገለብጥ ሐረግ ነበር። ደንበኛው ቅርሽም የሚል ጠብቆ ለስላሳ ሲያገኝ ምግቡ የቆየ ይመስለዋል፤ መሀሉን ጠንከር ብሎ ሲያገኘው ደግሞ ያልበሰለ ይመስለዋል። ጥሩ የተሠራው ምግብ በመግለጫው ምክንያት ሁለት ጊዜ ይወቀሳል።

ለባለቤቱ ሁለት መንገድ አቀረብሁላቸው። ወይ ደረቅ ዓሣ ለብቻው በጎን ይቅረብና ቃሉ ይቆይ፣ ወይ ፎቶው ላይ ያለው ደረቅ ዓሣ ይነሣና ቃሉም አብሮ ይውጣ። ሁለተኛውን መረጡ፤ ፎቶውም በድጋሚ ተነሣ። በዚሁ አጋጣሚ ከአምፖሉ ሥር አንሥተን መስኮት አጠገብ አስቀመጥነው። የአምፖሉ ነጭ ብርሃን የበርበሬውን ቀለም አገርጥቶት ነበር፤ ስልኩ ደግሞ ቀለሙን ሲያስተካክል እንደ ቲማቲም ድልህ አቅልቶታል። በደንብ የበሰለ ቁሌት እንዲያ አይቀላም፣ ጠቆር ይላል። ሽንኩርት የሚያበስል ሰው ልዩነቱን በዐይኑ ያውቀዋል። ደማቅ ቀይ ወጥ ሲያይ «ቁሌቱ ጥሬ ነው» ይላል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የታደለ ቋንቋ ነው ብዬ አምናለሁ። «ጥቁር» እና «ጠቆር ያለ»፣ «ወፍራም» እና «ወፈር ያለ»፣ «ጎምዛዛ» እና «ጎምዘዝ ያለ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ወገን ልኩን ያበጃል፤ ነገሩ እንዳለ ይናገርና ጥግ ላይ ሳይደርስ ይቆማል። ወጥ ቤቷ ስለ ምግባቸው ሲያወሩ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ «ጨው ቀነስ፣ በርበሬ ጠንከር፣ ወጡ ወፈር» ነው የሚሉት። «እጅግ በጣም ጣፋጭ» ሲሉ አልሰማኋቸውም። ያጋነነ መግለጫ የሚጽፍ ሰው አንደበቱ ጓዳ ውስጥ ከሚነገረው ቋንቋ ርቋል፤ ወደዚያ ከተመለሰ ቃሉ ይገኛል።

ስለ ቀለም ብዙ አልጻፍሁም፤ ፎቶው ያሳየዋል። መግለጫው ሊነግር የሚገባው ፎቶ የማይችለውን ነው፤ ሽታውን፣ ሲነከስ ያለውን ስሜትና አፍ ውስጥ ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል። ሆኖም አንድ የቀለም ቃል ማስቀረት እወዳለሁ። ኔትወርኩ ሲደክም ጽሑፉ ቀድሞ ይደርስና ፎቶው ተሸፍኖ ይቆያል፤ አንባቢው ከቃሉ ሌላ የሚያየው የለም።

ሽታውን ለመለየት ሁለት ጊዜ ማሽተት ያስፈልጋል፤ ትኩስ እንደወጣና በረድ ሲል። ትኩሱ ላይ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉንም ይሸፍናሉ። በረድ ሲል ግን ከሥር የተቆላ ሽምብራ ሽታ ይመጣል፤ እናት ምጣድ ላይ ቆሎ ስታምስ ቤቱን የሚሞላው ዓይነት ነው። ይህ ሽታ ምግቡ በትክክል መሠራቱን የሚመሰክር ምልክትም ነው። ጥብሱ ካነሰ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ ዘይቱ ከተቃጠለ ደግሞ መረር ያለ የጭስ ሽታ ይቀድማል። ስለዚህ «መዓዛው የሚያውድ» የሚለውን ትቼ «የተቆላ ሽምብራ ይሸታል» ብዬ ጻፍሁ። አንባቢው የሚያውቀው ሽታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማሞገስ አያስፈልገውም።

ማቃጠሉን በተመለከተ «የሚያቃጥል» ብቻ ማለት አንዱን ይጠራል፣ ሌላውን ያባርራል። ይህ ወጥ መጀመሪያ ላይ ለዘብ ያለ ነው፤ ከሁለተኛ ከሦስተኛ ጉርሻ በኋላ ግን ጉሮሮ ላይ ይሰማል። ቅደም ተከተሉን መናገር መጠኑን ከመናገር ይሻላል። መጠን እንደየሰዉ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያንኑ ወጥ ለበላ ሁሉ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ከስሜት ቃላቱ ሁሉ በፊት ግን መቅደም ያለበት ሌላ ነገር ነበር። ደብረ ኤልያስ ከድሮ ጀምሮ የአብነት ትምህርት የሚሰጥባት አገር ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ነች። እዚህ «ዓሣ» የሚል ቃል በጾም ወቅት ሲነበብ ቀልድ አይደለም። በጾም ዓሣ የማይነካ ጾመኛ ብዙ ነውና፣ ስሙን ብቻ አይቶ ገጹን የሚዘጋ ሰው ይኖራል። ምግቡ ዓሣ የተባለው በቅርጹ መሆኑ፣ የተሠራውም በዘይት እንጂ በቅቤ አለመሆኑ ከመጀመሪያው መስመር መታወቅ አለበት። ዘይቱ የምን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ የኑግ ነው አሉኝ። መጥበሻውና ድስቱስ ቅቤ ነክቷቸዋል? ለጾም የተለየ ዕቃ እንዳላቸው አሳዩኝ። ያን ካየሁ በኋላ ነው «የጾም» የሚለውን ያለ ሥጋት የጻፍሁት።

ባለቤቱ «የአካባቢያችን ሽምብራ» የሚል እንዲጨመር ፈልገው ነበር። ከየት እንደገዙት ስጠይቃቸው፣ የዚያን ሳምንቱን ከገበያው ገዝተዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከነጋዴ ነው፣ የት እንደበቀለም አይታወቅም። ተውነው።

የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ሆነ፦

«አዲስ፦ የሽምብራ ዓሣ። የጾም ነው፤ ዓሣነቱ በቅርጹ ብቻ፣ የተሠራው በኑግ ዘይት። ተጠብሶ ጠቆር ባለ የሽንኩርት ቁሌት ውስጥ ይገባል። ላዩ ወጡን ጠጥቶ ለስለስ፣ መሀሉ ሲነከስ ጠንከር ይላል። የተቆላ ሽምብራ ይሸታል፤ ማቃጠሉ ቆየት ብሎ ይመጣል። በሸክላ ድስት፣ ከጤፍ እንጀራ ጋር። በጾም ቀናት ከ6 ሰዓት ጀምሮ።»

ባለቤቱ አንብበው ትንሽ ዝም አሉና «ጣፋጭ የሚል የለውም እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የለውም። «ለስለስ»፣ «ጠንከር»፣ «የተቆላ» የሚሉት ሥራውን ከሠሩ ጣፋጭነቱን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል፤ ካልሠሩ ደግሞ «ጣፋጭ» ብሎ መጨመር አያድናቸውም። ወጥ ቤቷ በበኩላቸው ስለ ሸክላ ድስቱ ጠየቁ፦ ያሉት ስድስት ድስቶች ሁሉ ተይዘው እንግዳ ቢመጣስ? ያን ጊዜ በሳህን ሊቀርብ ነው። ስለዚህ «በሸክላ ድስት» የሚለውን አወጣነው፤ ድስቱ ሲገኝ ለደንበኛው ያልጠበቀው ነገር ይሆንለታል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኑግ ዘይት ዋጋ ጨመረና ምግብ ቤቱ ወደ ሱፍ ዘይት ዞረ። ባለቤቱ ያን ዕለት ደውለው ነገሩኝ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቴሌግራም ላይ ያለው ጽሑፍ ታረመ። የሽታውን መስመርም እንደገና ለመፈተሽ ወጥ ቤቷን አንድ ዓሣ እንዲያወጡልኝ ለመንኋቸው። የተቆላው ሽምብራ አልጠፋም፣ እንዲያውም የኑጉ ሽታ ሲቀር ጎልቷል። ያን መስመር አልነካሁትም።