ከቃል እስከ ቃል ያለው ድምፅ

ከተቀረጸ ንግግር ውስጥ ሳል ወይም የጠያቂውን ጥያቄ ቆርጠን ስናወጣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተርፈው ፍጹም ባዶ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ባዶነት በየትኛውም ቤት ውስጥ የለም፤ ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል፤ ፊልም የሚያይም ሰው ተናጋሪዋ ከቤቷ ወጥታ የተመለሰች ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ ማንም ሳይናገር ቤቱ ራሱ የሚያሰማውን ድምፅ ለብቻው ቀርጸን በክፍተቱ ውስጥ እናስገባለን። በሙያችን ሩም ቶን የምንለው ይህን ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። በሐረር ግን ቤቱም ከተማውም ድምፁን በየሰዓቱ ስለሚለዋውጡት፣ ይህን ሙያ በደንብ ያስተማረኝ ጀጎል ነው።

የሐረሪን ባህላዊ ቤት ውስጡን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ወፍራም ነው። ዋናው ክፍል፣ ጊድር ጋር፣ ከፍ ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ እነዚህን ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። በመደቦቹ ላይ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎ፣ በግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን ተደርድሮ ይታያል። ምንጣፉ ቀጭኑንና ስለታሙን ድምፅ ይውጠዋል፤ የተለሰነው ግድግዳና የተሰቀሉት ሳህኖች ደግሞ መልሰው ይበትኑታል። የውጭው ድምፅ በዋናነት የሚገባው ወደ ግቢው በሚከፈተው በር ነው። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ከላይኛው መደብ አውርዶ በሩ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያስቀመጠ ባለሙያ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ሌላ ቤት የቀረጸ ያህል ነው።

ደንቦቹ ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ሩም ቶን የሚቀረጸው ንግግሩ በተቀረጸበት ማይክሮፎን፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጌይን ነው። ሰውም ከክፍሉ አይወጣም፤ አምስት ሰው የተቀመጠበት ክፍልና ባዶው ክፍል አንድ ዓይነት ድምፅ የላቸውም፣ ሰውነትና ልብስ ድምፅ ይውጣሉና። በንግግሩ ጊዜ ፍሪጁ ይሠራ ከነበረ አሁንም ይሥራ፤ ተነቅሎ ከነበረም ተነቅሎ ይቆይ። የመቅረጫው ራስ-ሰር የድምፅ ማስተካከያ ከመጀመሪያው ጀምሮ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ሰው ዝም ባለ ቁጥር መሣሪያው ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ የቤቱ ድምፅ በንግግሩ ሥር ሌላ፣ ለብቻው ሲቀረጽ ሌላ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ፣ ቀራጩ «ሩም ቶን፣ በሩ ክፍት፣ ከቀትር በፊት» ብሎ በድምፁ ይናገርና ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቀርጻል። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል የሚሉ አሉ። በጀጎል ግን ከአንድ ደቂቃ ውስጥ ዶሮው፣ የልጆቹ ጩኸትና የባጃጁ ጡሩምባ ሲቀነሱ ንጹሕ ሆኖ የሚተርፈው ከግማሽ ላይበልጥ ይችላል።

አንድ የፊልም ሥራ ደረጃ በደረጃ ላሳይ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ስፌት ሰፊ እናት በቤታቸው ላይኛው መደብ ላይ ተቀምጠው ስለ ሙያቸው ያወጋሉ። ጠዋት ስንጀምር በሩ ክፍት ነበር፤ ብርሃኑ የሚገባውም በእሱ ነው። በግቢው በኩል የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ውኃና የርግቦች ድምፅ ይሰማል። ከቀትር ሶላት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግቢው ስለተረበሸ በሩን ገርበብ አድርገን ቀጠልን። ሁለቱንም ሁኔታ ለየብቻ ቀረጽን፤ አንድ ደቂቃ በሩ ክፍት ሆኖ፣ አንድ ደቂቃ ገርበብ ብሎ። እማማ ነገሩ ግራ ገብቷቸው «ዝም ብለን ተቀምጠን ምን ትቀርጻለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ቤትዎን ነው የምቀርጸው፣ እማማ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የልጅ ልጃቸውን ዝም ያሰኙት እሳቸው ናቸው።

በኤዲቲንግ ጊዜ ዳይሬክተሯ ጠዋት የተነገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰዓት በኋላ ከተነገረው ጋር ማያያዝ ፈለገች። በሐሳብ ይገጥማሉ። በድምፅ ግን የመጀመሪያው ከሥሩ ግቢውን ይዟል፤ ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር በር በድንገት የተዘጋ ያህል ይሰማል። እዚህ ላይ የምመራበት መርሕ አንድ ነው፤ በንግግር ሥር ያለን ድምፅ ንግግሩን ሳይጎዱ ማውጣት ከባድ ነው፣ መጨመር ግን ይቻላል። ስለዚህ ጸጥ ያለውን ወደ ደመቀው አመጣዋለሁ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በተለያዩ ትራኮች ላይ አኖርኩ፤ ክፍት በር ሆኖ የተቀረጸውን ሩም ቶን በሦስተኛ ትራክ ላይ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሥርና በመካከል ባለው የሁለት ሰከንድ ክፍተት ውስጥ ዘረጋሁት።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሥር ግን አልዘረጋሁትም። ብዙ ጀማሪዎች ሩም ቶኑን ከዳር እስከ ዳር ያነጥፉታል፤ አመቺ ስለሆነ። ነገር ግን የጠዋቱ ዓረፍተ ነገር ያንኑ ድምፅ አስቀድሞ ይዟል። በላዩ ላይ እኩል የሆነ ሌላ ሲጨመር የቤቱ ድምፅ በ3 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ክፍተቱ ላይ ሲደርስም መልሶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ክፍተቱን ሞላሁት ያለው ሰው ሌላ ክፍተት ፈጠረ ማለት ነው።

መጋጠሚያውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ድምፅ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ በሚተካካበት ቦታ ተራውን ቀጥተኛ መስመር ከተጠቀምን፣ መሃሉ ላይ ድምፁ ጎድጎድ ይላል፤ ሁለቱ ድምፆች የተለያዩ ስለሆኑ ግማሽና ግማሽ ተደምረው ሙሉ አይሆኑም። በሶፍትዌሩ ውስጥ ኢኳል ፓወር የሚባለው የጎበጠው መስመር የተሠራው ለዚህ ነው። የመተካካቱን ርዝመት በንግግሩ መሠረት እወስናለሁ። የመጨረሻው ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ግድግዳው የሚመልሰው ጥቂት ቅሪት አለ፤ እሱን መቁረጥ ቃሉን መቁረጥ ነው፣ ሩም ቶንም አይተካውም። ስለዚህ ቅሪቱ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በፊት ያለውንም ትንፋሽ አልነካም፤ ትንፋሽ የሌለው ሰው ንግግሩ የተቆራረጠ መሆኑን ያሳብቃል።

ክፍተቱ ረጅም ሲሆን ሩም ቶኑ መደጋገም አለበት፤ የሚጋለጠውም እዚህ ነው። በተቀረጸው ውስጥ አንዲት ርግብ አንዴ ጮኻ ከሆነ፣ በየሃያ ሰከንዱ ያቺው ርግብ በዚያው ልክ ትጮኻለች። አድማጭ ምን እንደሰማ ባያውቅም የሆነ ነገር እየተመላለሰ እንደሆነ ይሰማዋል። ስለዚህ ጎልቶ የሚለይ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይወጣል፤ የሚደጋገመውም ቁራጭ ርዝመቱ በየጊዜው ይለያያል። መፈተኛዬ ቀላል ነው። ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ሄድፎኑን ከልማዴ ከፍ አድርጌ፣ ቃላቱን ትቼ ከሥራቸው ያለውን ብቻ እከታተላለሁ። ደረጃ ወይም ጉድጓድ ካጋጠመኝ ሥራው አላለቀም። ይህን ማድረግ የሚያስፈልገው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድምፅን ለስርጭት ሲያዘጋጁ ለስላሳውን ከፍ፣ ኃይለኛውን ዝቅ ስለሚያደርጉት ነው፤ በስቱዲዮ ውስጥ ያልተሰማ ስፌት በስርጭት ላይ ይጎላል።

ሩም ቶን የማይፈታው ነገርም አለ፤ በሐረር የመጀመሪያው አዛን ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጂዶችን ቆጥሯል፤ የግንቡ ውስጥ ስፋት ደግሞ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሶላት ሰዓት ሲደርስ አንዱ ጥሪ ሌላው ሳያልቅ ይነሣል፤ ቅርቡና ሩቁ ይደራረባሉ። በዚያ መካከል የተነገረ ዓረፍተ ነገር ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም፤ የጥሪው ዜማ ከመሃሉ ተጀምሮ ከመሃሉ ይቆረጣልና። ይህን ደግሞ አድማጩ ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ያውቀዋል። ስለዚህ አዛን ሲጀመር ጨዋታውን እናቆማለን፤ እኔ ግን መቅረጫውን አላጠፋም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እቀርጸዋለሁ፤ በፊልሙ ውስጥ ቀትር ሲሆን ሙሉውን ለማኖር።

ከሩም ቶኑ በላይ የሚመጣው ሁለተኛው ንጣፍ፣ አምቢየንስ የምንለው፣ የአካባቢው ድምፅ ነው። እሱን በስቴሪዮ ከግቢው፣ ከመንገዱ፣ ከገበያው እቀርጻለሁ። በመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀሮች በሁለቱም ወገን ሲሽከረከሩ፣ በፈረስ መጋላ መኪናና ሰው ሲገናኙ፣ ሌሊት ከግንቡ ውጭ ጅቦች ሲጮኹ። ይህ ንጣፍ ሁለት የማይመሳሰሉ ትዕይንቶችን አንድ አየር ውስጥ ያስገባል፤ ትንንሽ ጉድለቶችንም ይሸፍናል። ችሎታው ግን ለፈተናም ይዳርጋል። የጅብ ድምፅ ሐረርን ወዲያው ስለሚያስታውቅ ደጋግሞ ማስገባት ያጓጓል። በእማማ ቤት ግን ጠዋት ላይ ጅብ አይጮኽም። የስፌት መኪናውም ድምፅ የሚሰማው ሱቆቹ ባሉበት መንገድ እንጂ በየግቢው አይደለም። ለማስገባት የምፈቅደው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ በር በኩል ሊገባ ይችል የነበረውን ድምፅ ብቻ ነው። ሐረሬው አድማጭ የትኛው ሰፈር፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከድምፁ ይረዳል፤ እሱን አታልዬ የውጭ ሰውን ባስደስት ለማን እንደምሠራ ረስቻለሁ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ግን የክፍተቱ ርዝመት ነው። ሩም ቶን እጄ ላይ ካለ ዝምታን ላሳጥረውም ላስረዝመውም እችላለሁ፤ ማንም አያውቅብኝም። እማማ «ልጆችዎ ሙያውን ተማሩ?» ተብለው ሲጠየቁ ወዲያው ነው የመለሱት፤ «አልተማሩም፣ ሥራ አላቸው» አሉ። ጥያቄው ተቆርጦ ሲወጣ ከፊቱ የሦስት ሰከንድ ዝምታ ብጨምርበት ያው መልስ ኀዘን ይሆናል፤ እሳቸው ያላዘኑበትን ኀዘን እኔ አሳዘንኳቸው ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ረዘም ይበል ብላ ነበር። ዋናውን ቅጂ ከፍቼ አሰማኋት፤ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ተስማማች፤ ክፍተቱም በዚያው ልክ ቀረ። የቤቱን ድምፅ ከቤቱ ከወሰድኩ፣ የዝምታውን ርዝመት ደግሞ ከተናጋሪዋ መውሰድ አለብኝ።