ከሪፈር ወረቀቱ በፊት

ባለፈው በጋ የተመደበልን ወጣት ጤና መኮንን አንድ ቀን መርፌ ክፍል በር ላይ አስቁሞ ጠየቀኝ። «ሲስተር፣ ማጅራት ገትር የጠረጠርነውን በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ሳንልከው ሴፍትሪአክሶን ይወጉታል። እኛ የተማርነው ግን መጀመሪያ የጀርባ ውሃ ይቀዳል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይጀመራል የሚል ነው። መድኃኒቱ ከቀደመ እኮ ጀርሙ ላቦራቶሪ ውስጥ አይበቅልም» አለኝ።

ልጁ ውሸት አልተናገረም። ውሃውን የሚቀዳው ሐኪምና የሚመረምረው ላቦራቶሪ አንድ ግቢ ውስጥ ካሉ፣ ውሃውም ወዲያው የሚቀዳ ከሆነ፣ እሱ እንዳለው ይደረግ። እኛ ያለነው ግን ጤና ጣቢያ ነው። አምቡላንሱ ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ እዚያ ከተደረሰ በኋላም ካርድ ማውጣት አለ፣ ተረኛ ሐኪም መጠበቅ አለ። የጀርባ ውሃው እስኪቀዳ ያለው ጊዜ ሁሉ ከበሽተኛው ላይ የሚቆረጥ ነው።

ደግሞስ ምን ይበላሻል? ሜኒንጎኮከስ የሚባለው ጀርም መድኃኒቱ ከገባ በ2 ሰዓት ውስጥ ከውሃው ሊጠፋ ይችላል። ኒሞኮከስ ትንሽ ይቆያል፤ እሱም ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መጥፋት ይጀምራል። ነገር ግን በውሃው ውስጥ የፈሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ የወረደው ስኳርና የጨመረው ፕሮቲን በአንድ መርፌ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ሐኪሙ ዘግይቶ ቢቀዳም ውሃውን አይቶ ባክቴሪያ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። የሚያጣው የጀርሙን ስም ነው። የደም ከልቸር ጠርሙስ ካለ ከመርፌው በፊት ደም ይቀዳ፤ በዚህ ከልጁ ጋር አልጣላም። ከሌለ ግን ስም ፍለጋ ሰው አይጠብቅም።

እኔ የምከራከረው ስለ መርፌው ብቻ አይደለም፤ ስለ አንገቱም ነው። አሁን አሁን ካርድ ላይ «አንገት፦ ደህና» ተብሎ ይጻፋል፤ የጻፈው ሰው ግን በሽተኛውን ከወንበሩ አላስነሣውም። አንገት ተቀምጦ አይታይም። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፣ ትራሱ ይወጣል፣ ሁለት እጅ ከጭንቅላቱ ስር ይገባል። መጀመሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርጌ አዞረዋለሁ። ይኸኛው ይዞራል። ከዚያ አገጩን ወደ ደረቱ ሳመጣው ነው ነገሩ የሚለየው፤ ማጅራት ገትር ሲሆን ጭንቅላቱ ትከሻውን አስከትሎ እንደ ሳንቃ አብሮ ይነሣል፣ ፊቱም በሕመም ይጨማደዳል። በሁሉም አቅጣጫ እምቢ ካለ ደግሞ ጡንቻ ወይም አጥንት ሊሆን ይችላል። የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው ከሆነ አንገቱን አልነካም።

አንገቱ ታጠፈልኝ ብሎ ሰውን ወደ ቤቱ መመለስም አይገባም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት 696 የአዋቂ ሰዎች ማጅራት ገትር ተመልክቶ ነበር፤ ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የአእምሮ መዛባት ሦስቱም አብረው የተገኙት በ44 በመቶው ብቻ ነበር። ራስ ምታት ሲጨመርና ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ሲፈለጉ ግን 95 በመቶው ተይዟል። ሕፃናት ላይማ አንገት ላይገተርም ይችላል፤ እዚያ የሚታየው እርግብግቢቱ ማበጡ፣ ጡት እምቢ ማለቱ፣ ሲያነሡት የበለጠ ማልቀሱ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ስከራከር ሁልጊዜ የማነሣው አንድ ወጣት አለ። መጋቢት ነበር፣ ሙቀቱ የሚጋረፍበት ወር። ወንድሙ በባጃጅ ሲያመጣው ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ራሱን ያመመው ከትናንት ወዲያ፣ ያተኮሰው በማግሥቱ ነው። ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ እናቱ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሽታ ቀባችው፣ አጠጣችውም። እናትየዋን አልወቅስም፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል ሲገጥሙ እኔም ያደግኩት ምች ሲባል እየሰማሁ ነው። ችግሩ ኃይለኛ ትኩሳት ባለበት ሁሉ ያ ቁስል ሊወጣ መቻሉ ነው፤ ማጅራት ገትርም አይቀርበትም። በማግሥቱ አንድ ክሊኒክ ሄደው ዊዳል ታየለት፣ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ ክኒን ተሰጠው። ዊዳል በአገራችን ጤነኛውንም ፖዘቲቭ ስለሚል በበኩሌ ከዓይኔ ባይገባ ደስ ይለኛል። የወባ ምርመራም እንዲሁ ያታልላል፤ ወባ በበዛበት ቆላ ደሙ ውስጥ ወባ ተገኘ ማለት ራሱን የሚያፈርጠው ወባ ነው ማለት አይደለም።

ወንድሙ «ክትባት ወስዷል እኮ» አለኝ። ወስዶ ይሆናል፤ በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. መካከል በአገራችን በዘመቻ የተሰጠው ግን «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ የሚከላከል ነው።

ሙቀቱ 39.6 ነበር። ስሙን ይናገራል፤ ቀኑን ስጠይቀው ግን መልሱ ይጠፋዋል። መብራቱ ዓይኑን ስለወጋው ክንዱን ፊቱ ላይ ጥሏል። አስተኝቼ አንገቱን አየሁ፤ ወደ ጎን ዞረ፣ ወደ ፊት ግን ትከሻውን ይዞ ተነሣ። በጠይም ቆዳ ላይ ሽፍታ ስለሚደበቅ የዓይኑን ቆብ ገልብጬ፣ መዳፉንና ውስጥ እግሩን አየሁ፤ የለም። ሽፍታ አለመኖሩ አላዘናጋኝም። የደም ስኳሩን ለክተን ሴፍትሪአክሶን 2 ግራም በደም ሥር ቀስ ብዬ ሰጠሁት። ደም ሥር ቢጠፋ ኖሮ አንድ አንድ ግራም በሁለቱ ቂጡ እወጋው ነበር። ሪንገር ላክቴት በተሰቀለበት መስመር ግን አልሰጥም፤ ከካልሲየሙ ጋር ይረጋል። ሕፃን ቢሆን በኪሎ 100 ሚሊግራም አስልቼ ነበር።

የሪፈር ወረቀቱን የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጉልህ አድርጌ። ሰዓቱ ካልተጻፈ ሆስፒታሉ ወይ ይደግመዋል ወይ ተሰጥቷል ብሎ ይዘነጋዋል። በመንገድ ላይ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ በጎኑ አስተኝተን ላክነው። ሆስፒታል የቀዱት ውሃ ደፍራሳ ነበር፣ ጀርሙ ግን አልበቀለም፤ ተረኛው ሐኪም ስልክ ደውሎ «ሲስተር፣ ከልቸሬን ወሰዱብኝ» አለኝ። በሽተኛው ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይወጣለትም። እዚህ መንደር ውስጥ ጉልት የምትቸረችር ልጅ አለች፣ በልጅነቷ ዘግይታ የደረሰች። ዳነች፤ ጆሮዋ ግን አልሰማ ብሎ ቀረ። ሽንኩርት ስገዛት ዋጋውን በጣቷ ታሳየኛለች፣ እኔም በጣቴ እከራከራታለሁ። ከዚህ ሥራ ጡረታ ሳልወጣ የቀረሁት በምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለ ደመወዙ እቀልዳለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ፣ መሣሪያ ሳይኖር እጄ ከጭንቅላት ስር ገብቶ የሚነግረኝን ነገር እወደዋለሁ፤ ያንን ለወጣቶቹ ሳላስይዝ መሄድ አልፈልግም።

ጤና መኮንኑ አሁን በሽተኛ ያስተኛል፣ ትራስም ያወጣል። በመርፌው ግን ገና እንከራከራለን። አሁን ሁለታችንም የተጣላነው ከመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ጋር ነው፤ ማታ ቆልፎ ስለሚሄድ ሁለት ብልቃጥ ሴፍትሪአክሶን ድንገተኛ ክፍል እንዲያድር ጠይቀናል፣ እሱ ደግሞ ያለ ሞዴል አላወጣም ብሏል።